የፔሮል ቴምፕሌትና የኤክሴል ኮርስ ለተመልካቾቼ ለመሸጥ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ቀመር ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። በዩቲዩብ ኤክሴልን በአማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ቻናሌ 14,000 ያህል ሰብስክራይበር አለው፤ በቴሌግራም ደግሞ 2,300 ሰው ይከተለኛል። እስካሁን ሁሉንም በነጻ ነው የሰጠሁት። አሁን አንድ የፔሮል ቴምፕሌትና ሙሉ የኤክሴል ኮርስ አዘጋጅቼ ለእነዚሁ ሰዎች መሸጥ እፈልጋለሁ። የቱን ላስቀድም? ዋጋውን ስንት ልበል? አንዱ ገዝቶ ለሌላው ቢያድለውስ? ያለፈበት ሰው ቢነግረኝ አመሰግናለሁ።

የጣና ልጅ

ቴምፕሌቱን ያስቀድሙ፤ ኮርስ ወራት ይፈጃል፣ ቴምፕሌት ግን በሳምንት ያልቃል። ዋጋውን ዝቅ ያድርጉት። ከ14,000 ሰው ውስጥ ከመቶ አምስቱ ብቻ ቢገዙ 700 ሰው ይሆናል፤ በ100 ብር ሒሳብ 70,000 ብር ማለት ነው። ስለ ስርቆቱ አይጨነቁ። ሺቶቹን በሙሉ በፓስወርድ ከቆለፏቸው ማንም ሊያባዛው አይችልም።

መዝገብ ያዥ

ቴምፕሌቱ ይቅደም በሚለው እስማማለሁ። በሌላው ግን የጣና ልጅን ከይቅርታ ጋር ላርም እፈልጋለሁ፤ እኔ ራሴ በዚያው ስሌት ጀምሬ ስለተጎዳሁበት ነው።

ሰብስክራይበር ገዢ አይደለም። የዩቲዩብ ስቱዲዮዎን ይክፈቱና ተመልካቾችዎ ከየት እንደሚመጡ ይመልከቱ። የኤክሴል ቻናል ከሆነ አብዛኛው ሰው የሚመጣው YouTube search በሚለው መስመር እንደሚሆን እገምታለሁ። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ነገር ቸግሮት ይፈልጋል፣ መልሱን ያገኛል፣ ይሄዳል፤ ምናልባትም ስምዎን አያስታውስም። ስለዚህ «ምርት አለኝ» ብለው ለመላው ቻናል ቢያውጁ የሚሰማዎት ጥቂት ነው። የሚሸጠው ነገር መቀመጥ ያለበት ሰውየው ችግሩን ይዞ በሚመጣበት ቪዲዮ ሥር ነው። «የደመወዝ ግብር በኤክሴል እንዴት ይሰላል» የሚል ቪዲዮ ካለዎት፣ የቴምፕሌቱ ሊንክ በዚያ ቪዲዮ መግለጫ የመጀመሪያ መስመርና ፒን በተደረገ ኮመንት ላይ ይሁን። ያ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ሲጨርስ የሚቀረው ሥራ ሠንጠረዡን ራሱ መሥራት ነው፤ እርስዎ የሚሸጡለትም ያንን የቀረውን ሥራ ነው። እኔ 11 ቪዲዮዎች ሥር ሊንክ አስቀምጬ ነበር፤ ገዢዎቼን ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው ግን ሁሉም ማለት ይቻላል የጠሩልኝ ሁለቱን ቪዲዮዎች ብቻ ነው።

ወደ ዋጋው ስመጣ፣ የመጀመሪያ ቴምፕሌቴን በ150 ብር ለ60 ሰው ሸጬ ነበር። ርካሽ ስለሆነ ኤክሴል ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገዛው። «ቁጥሩ ለምን #### ሆነብኝ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አልቆጥረውም፤ ዓምዱን ሰፋ ማድረግ ነው መልሱ። አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ ስልክ ላይ ዋልኩ ማለት ይቻላል። በኋላ 700 ብር አደረግሁትና የ12 ደቂቃ የአጠቃቀም ቪዲዮ ጨመርኩበት። ገዢው ቀነሰ፤ የመጡት ግን የ15 እና የ30 ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ የሚሠሩ ሒሳብ ሠራተኞች ነበሩ። ለእነሱ 700 ብር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ዋጋ ነው።

ፓስወርዱን በተመለከተ፣ የሺት ፓስወርድ የሚጠቅመው ተጠቃሚው ቀመሩን በስሕተት እንዳያጠፋው ነው። ፋይሉን ለሌላ ሰው መላክን አይከለክልም፤ የተቆለፈው ፋይል እንደተቆለፈ ይተላለፋል። እኔ የማደርገው በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ «ለእገሌ ድርጅት የተዘጋጀ» ብዬ የገዢውን ስም መጻፍ ነው። ሁለት ደቂቃ አይወስድም፤ ሰውም የራሱ ስም ያለበትን ፋይል እንደ ዋዛ አያድልም።

ከሁሉም የሚበልጠው መከላከያ ግን እድሳት ነው። የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መቀየሩን ያስታውሳሉ። 12,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ በድሮው ሠንጠረዥ 2,700 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 2,250 ብር ነው። ምጣኔውን ቀመሩ ውስጥ የጻፉ ሰዎች ቴምፕሌት በአንድ ሌሊት ስሕተት ሆነ። የእኔም አንዱ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ገዢ ፋይሉን እንደገና ሠርቼ ላክሁ። አሁን ምጣኔዎቹን Tax በሚባል የተለየ ሺት ላይ አስቀምጣለሁ፤ በመጀመሪያው ዓምድ የእርከኑ መነሻ (0፣ 2000፣ 4000፣ 7000፣ 10000፣ 14000)፣ በሁለተኛው ምጣኔው (0፣ 15%፣ 20%፣ 25%፣ 30%፣ 35%)፣ በሦስተኛው ተቀናሹ (0፣ 300፣ 500፣ 850፣ 1350፣ 2050)። ደመወዙ C5 ላይ ከሆነ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=C5*VLOOKUP(C5,Tax!$A$2:$C$7,2)-VLOOKUP(C5,Tax!$A$2:$C$7,3)
```

ሕጉ ሲቀየር ያቺን አንዲት ሺት ብቻ ለገዢዎች እልካለሁ። ከጓደኛው ወስዶ የሚጠቀም ሰው እድሳቱ አይደርሰውም፤ ብዙዎቹም ያን ጊዜ መጥተው ይገዛሉ። እድሳቱን «ለዘላለም» ብለው ግን ቃል አይግቡ፤ «ለአንድ ዓመት» ይበሉ።

እናት ከቨርጂኒያ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ለልጆች የፊደል መለማመጃ ወረቀቶችን ለማተም በሚመች ፋይል አዘጋጅቼ እዚህ አሜሪካ ላለው ወገናችን እሸጣለሁ። ጋምሮድ ላይ ነው የምሸጠው፤ ገዢው በካርዱ ይከፍላል፣ ፋይሉም ያለ እኔ ድካም ራሱ ይደርሰዋል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ 10 በመቶና 50 የአሜሪካ ሳንቲም ይወስዳሉ፤ የካርድ ማስኬጃ ክፍያም በላዩ አለ። ስለዚህ በ2 ዶላር መሸጥ አያዋጣም፤ እኔ አሥሩን ወረቀት በአንድ ጥራዝ አድርጌ 9 ዶላር አልኩት። እርስዎም በዚህ ቢሞክሩት ይቀልዎታል።

መዝገብ ያዥ

እናታችን፣ ለእርስዎ ገዢዎች ትክክለኛው መንገድ ነው። የጠያቂያችን ገዢ ግን በኢትዮጵያ ግብር የሚቆርጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ዓለም አቀፍ ካርድ የለውም፣ ቴሌብር ነው ያለው። ደግሞ የካርድ ክፍያ ከሚሰበስቡት አገልግሎቶች አንዱ የሆነው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሻጭ አካውንት አይከፍትም።

ቀመር ከአዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቪዲዮው ነገር እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ከእይታዎቼ ከግማሽ በላዩ ከፍለጋ ነው የሚመጣው፣ ከፍተኛውም የደመወዝ ግብር ቪዲዮዬ ነው። አሁን የሚያሳስበኝ ክፍያው ነው። በቴሌብር ከተቀበልኩ ስክሪንሾት የሚያጭበረብሩ ሰዎች አሉ ይባላል። ፋይሉንስ በምን ልላክ?

የማታ ተማሪ

ስሜ የማታ ተማሪ ቢሆንም አሁን በቴሌግራም ስፌት የማስተምር ሴት ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሁለት ነገር ላካፍልዎ።

በስክሪንሾት ፋይል አይላኩ። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት የክፍያ ምስል ላኩልኝ፤ የላኪው ስም ብቻ ተቀይሯል፣ የግብይት ቁጥሩ ግን ፊደል በፊደል አንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገዢውን የምጠይቀው የግብይት ቁጥሩን በጽሑፍ እንዲልክልኝ ነው፤ የራሴን ቴሌብር ከፍቼ ቁጥሩንና ገንዘቡን ካላየሁ አልልክም። ቁጥሮቹንም በአንድ ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ፤ በእርስዎ ሙያ የተደገመ ቁጥርን ቀይ ማድረግ ቀላል ነው። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለተከፈለ ጠዋት እንደሚላክ አስቀድመው ይጻፉ፤ አለበለዚያ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ሌባ» ይልዎታል።

አቀራረቡ ለኮርስና ለቴምፕሌት ይለያያል። ለኮርስ ዝግ የቴሌግራም ቻናል ከፍቼ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል መግቢያ ሊንክ እሠራለሁ፤ ቻናሉም ይዘቱን ማስቀመጥና ማስተላለፍ እንዲከለክል አድርጌዋለሁ። በሌላ ስልክ የሚቀርጽን አያስቆምም፤ በአንድ ጣት ማስተላለፍን ግን ያስቆማል። የእርስዎ ኤክሴል ፋይል በዚህ ቻናል ውስጥ ቢቀመጥ ግን ገዢው ራሱ ማውረድ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ፋይሉን በግል ይላኩለት።

ኮርሱን ደግሞ ሠርተው ሳይጨርሱ ይሽጡት። እኔ የመጀመሪያውን ሙሉ ኮርስ አራት ወር ቀርጬ ስድስት ሰው ብቻ ነው የገዛኝ። በሁለተኛው የትምህርቱን ዝርዝርና የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይዤ «20 ቦታ አለ፤ እስከ ዓርብ 10 ሰው ካልከፈለ ለሁሉም እመልሳለሁ» አልኩ። የመለስኩበትም ጊዜ አለ፤ የመለስኩላቸው ሰዎች በኋላ ሌላ ነገር ገዝተውኛል።

የጣና ልጅ

የፓስወርዱን ተቀብያለሁ። ግን የቅድሚያ ሽያጩ ያሳስበኛል። እኔ አንድ ጊዜ ለኮርስ ከፍዬ አስተማሪው ሦስተኛው ክፍል ላይ ጠፍቷል። ሰው ባልተሠራ ነገር ላይ ገንዘብ ማስከፈል እምነት ያጠፋል እላለሁ።

የማታ ተማሪ

ስጋትዎ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ገንዘቡን የመጨረሻው ክፍል እስኪላክ ድረስ የማልነካው። የሚጨርሱበትን ቀን ማስቀመጥ ካልቻሉ አይሽጡት።

ቀመር ከአዳማ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። በደመወዝ ግብሩ ቪዲዮ ሥር መጀመሪያ ነጻ የሰዓት መቆጣጠሪያ ሺት አስቀመጥኩ፤ የፈለገ ሰው በቴሌግራም እንዲጠይቀኝ ስላደረግሁ 212 ሰዎች መጡ። ለእነዚህ ብቻ ቴምፕሌቱን በ600 ብር አቀረብኩላቸው፤ 17 ገዙ። በዚያው ሳምንት ለ2,300ዎቹ የቴሌግራም ተከታዮቼ ባወጣሁት ማስታወቂያ የገዙት ደግሞ አራት ናቸው። በአንድ የክፍያ ምስል ላይ ቁጥሩ በቴሌብሬ ሳይገኝ ቀርቷል፤ ሰውየው ደግሞ አልተመለሰም።

አሁን ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ከገዢዎቹ ሦስቱ ድርጅቶች ናቸው፤ ወጪያቸውን ለማስያዝ ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቁኛል። እኔ የንግድ ፈቃድ የለኝም። ለ21 ሽያጭ ፈቃድ ማውጣት ያዋጣል ወይስ ለጊዜው ለግለሰብ ብቻ ልሽጥ?

መዝገብ ያዥ

ያለ ፈቃድ በወረቀት ላይ የሚጽፉት ደረሰኝ ለእነሱ ወጪ ሆኖ አይያዝላቸውም፤ ስለዚህ ለማስደሰት ብለው አይስጧቸው። እኔ ፈቃድ ያወጣሁት የክፍያ አገናኝ ድርጅት ጋር ለመሥራት ስፈልግ ነው፤ ፈቃዴንና የግብር ከፋይ መለያዬን ጠይቀውኛል። ዲጂታል ፋይል መሸጥ በየትኛው የሥራ መደብ እንደሚመዘገብ ግን በእኔ ክፍለ ከተማ ሁለት ባለሙያዎች ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተውኛል፤ እርስዎ አዳማ ሄደው ሲጠይቁ ምን እንዳሉዎት እዚህ ቢጽፉልን ለእኔም ይጠቅመኛል።