በላይናችን የሚቆጠረው ጉድለት ሲወጣና ሲወርድ፣ እውነት የተለወጠ ነገር አለ?

መርፌና ክር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በልብስ ፋብሪካ የአንድ ስፌት ላይን ሱፐርቫይዘር ነኝ። በየቀኑ ከላይኑ መጨረሻ ፖሎ ቲሸርት እየተፈተሸ ጉድለቱ ይቆጠራል። የ20 ቀኑ ይኸው፦ 14፣ 19፣ 12፣ 17፣ 21፣ 15፣ 11፣ 18፣ 16፣ 20፣ 13፣ 17፣ 9፣ 22፣ 16፣ 18፣ 14፣ 19፣ 12፣ 17። ከዚያ ወዲህ ያሉት ስምንት ቀናት፦ 18፣ 20፣ 17፣ 21፣ 19፣ 22፣ 18፣ 24። 9 የወጣ ቀን ተመሰገንን። በማግስቱ 22 ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ሁለት ኦፕሬተሮችን ከቦታቸው አነሣ። ትናንት 24 ስለወጣ ዛሬም ሰው ሊያነሣ ነው። በምን ላስረዳው?

የጥራት ክፍል ሰው
እህቴ፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ድምር 320 ነው፤ አማካዩ 16። የ16 ስኩዌር ሩት 4፣ ሦስት እጥፉ 12። የላይኛው ወሰን 28፣ የታችኛው 4 ይሆናል። ኤክሴል ላይ ቁጥሮቹ ከ B2 ጀምሮ ካሉ እንዲህ ጻፊ፦

```
C1: =AVERAGE(B2:B21)
C2: =C1+3*SQRT(C1)
C3: =MAX(0,C1-3*SQRT(C1))
```

9ም 22ም በሁለቱ መስመሮች መካከል ናቸው። ማንም ሳይሰንፍ፣ ማንም ሳይጎብዝ የሚመጡ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለቱን ልጆች ማንሣት ያለ ምክንያት ነበር። 24ም ከ28 በታች ስለሆነ ምንም አልተለወጠም። ቻርቱን አትመሽ አሳዪው።

የጠርሙስ ላይን
ወሰኑ እኮ በየቀኑ ይለያያል! እኛ ጋ አንዳንድ ቀን መብራት ሲቋረጥ የምንፈትሸው ጠርሙስ በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ወሰን ለሁሉም ቀን አስምረን ብዙ ተሳስተናል። የተፈተሸው ብዛት ካልተጻፈ የጉድለቱ ቁጥር ብቻውን አይነበብም።

መርፌና ክር
ይቅርታ፣ ሳልጽፈው ቀረሁ። ሁልጊዜ 200 ነው፤ አንድም ቀን አልጎደለም።

ሽመናና ስፌት
እንግዲያው የጥራት ክፍሉ ሰው ወሰኖች ልክ ናቸው። የጠርሙሱ ወንድሜ ያነሣው ግን ቀላል አይደለም። የተፈተሸው 150 ቢሆን ኖሮ የሚጠበቀው 12፣ የላይኛው ወሰን ደግሞ 22 ገደማ ስለሚሆን፣ 24 ከወሰን ውጪ ይወጣ ነበር።

የማልስማማው «ምንም አልተለወጠም» በሚለው ነው። የመጨረሻዎቹን ስምንት ቀናት ተመልከቱ፤ አንዱም ከ16 በታች አልወረደም። ሳንቲም ስምንት ጊዜ ወርውሮ ሁሉንም ዘውድ እንደማግኘት ነው፤ ይህ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ256 አንድ ጊዜ ነው። አማካዩ ወደ 20 ወጥቷል። 20 ላይ የሚሠራ ላይን 28ን የሚያልፈው በወር አንዴ ገደማ ስለሆነ፣ ያንን መጠበቅ ማለት ወር ሙሉ ጉድለት እያመረቱ መቆየት ነው። ሥራ አስኪያጁ የተቆጣበት 22 ተራ መዋዠቅ ነበር፤ እውነተኛው ለውጥ ማንም ሳይቆጣ ቀስ ብሎ ገባ።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ስምንቱን ቀናት ከአማካዩ ስሌት ጋር አትቀላቅዪ፤ ከቀላቀልሽ ወሰኑም አብሮ ከፍ ይልና ለውጡ ይደበቃል። ከዚያም ጉድለቱን በዓይነት ለይተሽ፣ በ21ኛው ቀን አካባቢ ምን እንደተቀየረ ጠይቂ።

የጥራት ክፍል ሰው
ስምንቱን አላየሁም ነበር፤ ልክ ነህ። ግን ደንብ በጨመርን ቁጥር የሐሰት ማንቂያም ይጨምራል። በየሳምንቱ ላይን ማስቆም ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ሽመናና ስፌት
እውነት ነው። ስለዚህ እኔ የምጠቀመው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ከወሰን ውጪ የወጣ ነጥብና በአንድ ወገን የተደረደሩ ስምንት። ማንቂያው ሲመጣም ላይን አላስቆምም፤ መመርመር ነው የምጀምረው።

መርፌና ክር
ለየሁት። የዘለለ ስፌት በቀን 5 ገደማ ነበር፣ አሁን 9 ሆኗል። ሌላው ሁሉ ተደምሮ ድሮም አሁንም 11 ነው። በ21ኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ኦቨርሎኮቹ ላይ አዲስ የመጣ መርፌ ተገጠመ። ችግሩ፣ የቀድሞዋ ኢንስፔክተር ለወሊድ ወጥታ አዲሷ የጀመረችውም በዚያው ሰኞ ነው።

ሽመናና ስፌት
ያ ከባድ ነው። ጉድለቱ ሳይጨምር የሚያየው ዓይን ብቻ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። አዲሷ የፈተሸቻቸውን 200 ቲሸርቶች ምልክቱን አንሥተሽ ለሌላ ላይን ኢንስፔክተር ስጪ፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ግን አትንገሪያት። የቀድሞው መርፌ ካለሽ በአንድ ኦቨርሎክ ላይ ብቻ መልሰሽ፣ ያንን ማሽን ለብቻ ቁጠሪ።

መርፌና ክር
በእነዚያው 200 ላይ አዲሷ 21፣ ሌላኛዋ 17 አገኙ። ከዚህ ውስጥ የዘለለ ስፌት 9 እና 8 ነው። የቀድሞው መርፌ አንድ ፓኮ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት መካኒኩ ገጠመው።

ሽመናና ስፌት
በዘለለ ስፌት ላይ ሁለቱ ተቀራርበዋል፤ ያ ወደ መርፌው ያመለክታል፣ ግን የአንድ ቀን ፍተሻ ነው። አንዷ አይታ ሌላዋ ያለፈቻቸውን ቲሸርቶች ለይተሽ አስቀምጪ። የኦቨርሎኩን ቁጥር ከሳምንት በኋላ ጻፊልን።

መርፌና ክር
እጽፋለሁ። ሥራ አስኪያጁ እስከዚያ ሰው እንደማያነሣ ነግሮኛል፤ ከቦታቸው የተነሡትን ሁለቱን ስለመመለስ ግን ገና አልመለሰልኝም።