መነሻው ከፕሌቱ ላይ ጠፍቷል ወይስ ቦታ ቀይሯል? የቲ.ኤል.ሲ. ጥያቄ

ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። 1.82 ግራም ቤንዞፌኖን በ20 ሚሊሊትር ሜታኖል አሟምቼ 0.19 ግራም ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ጨመርኩበት፤ የምጠብቀው ዳይፌኒልሜታኖልን ነው። ትናንት ቤንዞፌኖኑን ብቻውን በሄክሳንና በኢታይል አሲቴት 4 ለ 1 ድብልቅ ሳስኬደው ነጥቡ 33 ሚሊሜትር፣ ሶልቬንቱ 60 ሚሊሜትር ተጓዘ፤ አር ኤፉ 0.55 መጣ። ዛሬ ሪአክሽኑ ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ከብልቃጡ በቀጥታ ወስጄ አስኬድኩ። ሶልቬንቱ 62 ሚሊሜትር ሄደ፤ አንድ ነጥብ 29 ላይ፣ ሌላ ነጥብ 17 ላይ ታየ፤ 0.47 እና 0.27 ማለት ነው። 0.55 ላይ ምንም የለም። ሪአክሽኑ አልቋል? ካለቀስ 0.47 ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ምንድን ነው?

ናትናኤል መ.

አልቋል። አልኮል ከኬቶን ይልቅ ሲሊካውን አጥብቆ ስለሚይዝ ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት፤ 0.27 ላይ ያለው ምርትሽ ነው። መነሻው 0.55 ላይ ከሌለ ተበልቷል። 0.47 ላይ ያለው የጎንዮሽ ምርት ይሆናል፤ ውኃ ጨምረሽ አውጪውና በኮለም ለዪው።

የቀድሞ ቴክኒሻን

ናትናኤል፣ ስለ አልኮሉ ያልከው ልክ ነው። ስለ 0.55 ያልከው ግን ልጅቷን ወደ ማያስፈልግ ኮለም ይልካታል። የትናንት ፕሌት ላይ የተለካ ቁጥር ከዛሬው ፕሌት ጋር አይወዳደርም። አር ኤፍ የንጥረ ነገሩ ብቻ ሳይሆን የዚያ ቀን፣ የዚያ ፕሌትና የዚያ ሶልቬንት ቁጥር ነው።

ልጄ፣ ትናንት የተጠቀምሽበት ሶልቬንት አዲስ ነበር ወይስ ከቀደመው ቀን የተረፈ? ሄክሳን ከኢታይል አሲቴት ቀድሞ ይተናል። ክዳኑ በደንብ ባልገጠመ ቢከር ውስጥ ያደረ 4 ለ 1 ድብልቅ ጠዋት ላይ 4 ለ 1 አይደለም፤ ኢታይል አሲቴቱ በርክቶ ነጥቦቹን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። እርጥበትም እንዲሁ ያደርጋል። በሐዋሳ ክረምት ከማሸጊያው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ፕሌት ውኃ ስለሚጠጣ ሲሊካው የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ነጥቡም ከፍ ይላል። ትናንት 0.55 የነበረው ቤንዞፌኖን ዛሬ 0.47 ላይ ቢቆም እኔን አይገርመኝም።

ጥያቄሽን የሚመልሰው አንድ ፕሌት ነው። መነሻ መስመሩ ላይ በእርሳስ ሦስት ቦታ ምልክት አድርጊ። በግራ ንጹሕ ቤንዞፌኖን አሳርፊ፣ በቀኝ የሪአክሽኑን ናሙና። መካከለኛው ላይ ሁለቱንም አንዱን በአንዱ ላይ ደርበሽ አሳርፊ። መካከለኛው መስመር ላይ የላይኛው ነጥብ አንድ ክብ ሆኖ ከወጣ መነሻው አሁንም አለ ማለት ነው። እንደ 8 ቁጥር ከተቆነጠጠ ወይም ለሁለት ከተከፈለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከብልቃጡ በቀጥታ ማሳረፍሽ ነው። የአንቺ ድብልቅ በሚሊሊትር 91 ሚሊግራም ገደማ ይዟል፤ ለፕሌት ከ10 በታች ይበቃል። ከመጠን በላይ የተጫነ ነጥብ ጅራት ያወጣል፣ መሐሉም የት እንደሆነ አይታወቅም። ሜታኖሉ ሳይደርቅ ካስኬድሽው ነጥቡን ገና ከመነሻው ያሰፋዋል። ያልተቋረጠው ቦሮሃይድራይድም ነጥቡ ላይ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ ከቦሮን ጋር እንደተያያዘ ያለ ምርት ደግሞ መነሻ መስመር ላይ ሊጎተት ይችላል።

ስለዚህ በትንሽ ጠርሙስ ግማሽ ሚሊሊትር ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድና 1 ሚሊሊትር ኢታይል አሲቴት አድርጊ። ከሪአክሽኑ 0.1 ሚሊሊትር በመርፌ ቀድተሽ ጨምሪበት። ሃይድሮጅን እየወጣ ይንተከተካልና እስኪያቆም አትክደኚው። ከዚያ ናጪው፣ ሁለቱ ፈሳሾች እስኪለያዩ ጠብቂ፣ ከላይኛው ውሰጂና አሳርፊ።

ቅጠል ፈላጊ

ጥያቄው ስለ አር ኤፍ ስለሆነ የእኔንም ላንሳ። ከአንድ የመድኃኒት ተክል ቅጠል በሜታኖል ያወጣሁትን ሳስኬድ ሰባት ነጥብ ይታየኛል። አንዱ 0.42 ላይ ነው፤ አንድ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት ፍላቮኖይድም 0.42 ነው። አገኘሁት ማለት እችላለሁ?

የቀድሞ ቴክኒሻን

አይቻልም፣ ወንድሜ። ከላይ ያልኩት ለአንተም ይሠራል። እዚያው ፕሌት ላይ ጎን ለጎን የሚሄድ ንጹሕ ናሙና ከሌለህ 0.42 የሚነግርህ ስም የለም። እሱ ቢኖርህ እንኳ በሌላ የሶልቬንት ድብልቅ ደግመህ ማየት ይኖርብሃል። ያንተን ለብቻው ክፈተው፤ የእርሷ እንዳይጠፋብን።

ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። የትናንቱ ሶልቬንት ያደረ ነበር፣ የዛሬው አዲስ። ሦስቱን መስመር አሁን አስኬድኩ፤ ሶልቬንቱ 61 ሚሊሜትር ሄደ። ንጹሑ ቤንዞፌኖን 31 ላይ፣ ማለትም 0.51 ላይ ቆመ። የሪአክሽኑ የላይኛው ነጥብም 31 ላይ ነው፣ መካከለኛው መስመር ላይም አንድ ክብ ብቻ ነው። የታችኛው 19 ላይ አለ።

ስለዚህ መነሻው አላለቀም። ያዘንኩት ግን በሌላ ነገር ነው። በዩቪ መብራት ሥር የቤንዞፌኖኑ ነጥብ ጥቁር ነው፣ የምርቱ ደግሞ የደበዘዘ ጥላ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግማሹ እንኳ አልተቀየረም ማለት ነው?

ሰብለ (አዳማ)

እህቴ፣ ከነጥቡ ጥቁረት መጠኑን አትገምቺ፤ በተለይ በዚህ ጥንድ ላይ። ፕሌቱ አረንጓዴ የሚያበራው በ254 ናኖሜትር ጨረር ነው፤ ጨለማ ነጥብ የምታዪው ንጥረ ነገሩ ያንን ጨረር ሲውጠው ነው። ቤንዞፌኖን አጥብቆ የሚውጠው 250 አካባቢ ያለውን ጨረር ነው፣ ልክ መብራቱ ባለበት ቦታ። አልኮሉ ግን በሁለቱ ቀለበቶች መካከል የነበረውን የካርቦኒል ትስስር ስላጣ እዚያ ቦታ የሚውጠው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ከመቶ 5 የቀረ ኬቶን ከመቶ 95 አልኮል በላይ ጠቁሮ ሊታይሽ ይችላል። እኔም አዳማ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ሥራ ስጀምር በዚህ ተታልዬ፣ ያለቀ ሪአክሽን ሌሊቱን ሙሉ ሳማስል አድሬያለሁ።

መጠኑን ለመገመት መሰላል ሥሪ። ቴክኒሻኑ ባሉት መንገድ ናሙና ስትወስጂ 0.1 ሚሊሊትሩ ወደ 1 ሚሊሊትር ኢታይል አሲቴት ስለሚገባ፣ ምንም ያልተቀየረ ቢሆን ኖሮ በሚሊሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ቤንዞፌኖን ይኖርሽ ነበር። ስለዚህ 9 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር አሟሚ፤ ያ መቶው ነው። አሥር እጥፍ ብታቀጥኚው ከመቶ 10፣ ያንን እንደገና በእኩል ሶልቬንት ብታቀጥኚው ከመቶ 5፣ ይህንንም አምስት እጥፍ ብታቀጥኚው ከመቶ 1 ይሆናል። አራቱንም ከሪአክሽኑ ጋር በአንድ ፕሌት ላይ፣ በአንድ ዓይነት ካፒላሪ፣ እኩል ጊዜ እየነካሽ አሳርፊ። የላይኛው ነጥብሽ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል ዓይንሽ ይነግርሻል። ትክክለኛ ልኬት አይደለም፤ 5ን ከ50 ግን ይለያል።

ከዩቪው በኋላ ያንኑ ፕሌት ጥቂት የአዮዲን ፍሬ ባለበት ክዳን ያለው ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው፤ ጭስ መሳቢያው ሥር ይሁን። አዮዲን ሁለቱንም ቡናማ ያደርጋቸዋል፣ የደበዘዘው ምርትሽም በዚያ ይገለጣል። ቡናማው ስለሚጠፋ ነጥቦቹን ወዲያው በእርሳስ ክበቢያቸው።

ናትናኤል መ.

ስለ ሶልቬንቱ ተሳስቼ ነበር። ግን መነሻው ካለ ለምን በመሰላል ትደክማለች? ቦሮሃይድራይድ ትጨምርና ይለቅ።

የቀድሞ ቴክኒሻን

መጨመሩን አልቃወምም። ግን ስንት እንደቀረ ሳታውቅ መጨመር ያለፈውን ሁለት ሰዓት ምን እንደበላው አይነግራትም። በወረቀት ላይ እኮ ትርፍ አላት፦ 10 ሚሊሞል ኬቶን ላይ 5 ሚሊሞል ቦሮሃይድራይድ ነው ያደረገችው፣ አንዱ ደግሞ ለአራት ኬቶን ይበቃል። ካልበቃ ሜታኖሉ ራሱ እየበላው ነው፣ ወይም ዱቄቱ እርጥበት አግኝቶት ደክሟል። ዱቄቱ ወደ ድንጋይነት ተጋግሯል?

ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

አዎ፣ ተጋግሮ ነው ያገኘሁት፤ ማሰሮውን ማን ክፍት እንደተወው አላውቅም።

መሰላሉን ሠራሁ። የላይኛው ነጥብ ከመቶ 5 ከሆነው ትንሽ ይጠቁራል፣ ከመቶ 10 ከሆነው ግን በግልጽ ይቀልላል። አዮዲኑ ውስጥ ደግሞ ምርቱ ትልቅ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ኬቶኑ ከጎኑ ትንሽ ነው። ግማሽ የመሰለኝ ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም!

ሰብለ (አዳማ)

እንግዲህ እኔ ብሆን እዚህ ላይ አቁሜ አወጣውና ከሄክሳን አጠራዋለሁ። የቀረው ኬቶን ትንሽ ነው፣ አልኮሉ ክሪስታል ሲሠራ በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል።

የቀድሞ ቴክኒሻን

እኔ ደግሞ 50 ሚሊግራም ካልተጋገረው ዱቄት ጨምሬ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና አያለሁ። ከክሪስታሉ ጋር ተጣብቆ የሚቀር ኬቶን ስንት እንደሚሆን አስቀድሜ መናገር አልችልም። ሰብለ የምትለውም ያስኬዳል፤ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ልጄ።

ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

አዲስ ከተከፈተ ማሰሮ 50 ሚሊግራም ጨመርኩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ የላይኛው ነጥብ ከመቶ 1 ከሆነው ይደበዝዛል፤ በ60 ደቂቃም ያው ነው፣ አልተለወጠም። እዚያ ላይ አቆምኩት። አውጥቼ ከሄክሳን ያጠራሁት ነጭ ክሪስታል 1.51 ግራም መጣ፤ ከ65 እስከ 67 ዲግሪ ላይ ቀለጠ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። ክሪስታሉን በፕሌት ሳይ በዩቪ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በአዮዲን ግን ሶልቬንቱ የደረሰበት መስመር አጠገብ ቀጭን ቡናማ ቅስት ይታያል። ቤንዞፌኖን እዚያ ድረስ አይወጣም።

የቀድሞ ቴክኒሻን

በዩቪ የማይታይ፣ ሄክሳን የሚወድ ነገር ነው። የብልቃጥሽ መገጣጠሚያ ላይ የምትቀቢው ቅባት ሊሆን ይችላል፣ ከሄክሳኑ የመጣ ቆሻሻም ሊሆን ይችላል። አንድ ፕሌት ምንም ሳታሳርፊበት አስኬጂና አዮዲን ውስጥ አስገቢው። ቅስቱ እዚያም ከታየ ከሶልቬንቱ ወይም ከፕሌቱ ነው።

ታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

ነገ ጠዋት ባዶውን አስኬዳለሁ፣ ከጎኑም ቅባቱን በሄክሳን አሟምቼ አሳርፋለሁ። ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።