ጋዙ በ19 ቀን አለቀ፤ ለስንት ቀን መብቃት ነበረበት?

ሐምራዊ ሻሽ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ድስት ጥጄ እሳቱ እየደከመ ነው። ሲሊንደሩን ካስገባነው ገና 19 ቀኑ ነው። ከዚህ በፊት ወር ሊሞላው ሲል ነበር የሚያልቀው። ቤተሰባችን 5 ነው፤ በቀን 4 ሰዓት ያህል እናበስላለን። ሲሞላ አጉድለውብኝ ነው ወይስ እየፈሰሰ ነው? በዚህ አጠቃቀም ስንት ቀን መቆየት ነበረበት?

ቅድሚያ ለደህንነት፦
እህቴ፣ ሂሳቡ ይቆየን። መጀመሪያ ሽታ አለ ወይ? ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ወለሉ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ጎንበስ ብለሽ ከሲሊንደሩ ሥር አሽትቺ። ሽታ ካለ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጊ፣ በርና መስኮት ክፈቺ፣ መብራት አታብሪም አታጠፊምም። ሽታ ከሌለ ደግሞ ሳሙና በውሃ በጥብጠሽ ሬጉሌተሩ የሚገጥምበት ላይ፣ ጎማው በሁለቱም ጫፍ የታሰረበት ላይና በጎማው ርዝመት ቀቢው። አረፋ እየተነፋ ከመጣ እዚያ ጋ ይፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር የለም። ሰው ይህን እየሰማ ዛሬም በክብሪት ይፈትሻል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ጎማው የተሰነጣጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነም ሳይፈስ ቀይሪው።

ፈጣን መላ፦
ሲሊንደሩን ጋደም አድርጊው፣ እሳቱ ወዲያው ይመለሳል። የዛሬውን ምግብ ትጨርሺበታለሽ።

መፍቻ በእጄ፦
ወንድሜ፣ ይህን አትምከር። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ወደ ምድጃው መሄድ ያለበት ከፈሳሹ በላይ ያለው ጋዝ ብቻ ነው። ጋደም ሲል ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል። ያኔ እሳቱ በድንገት ይንቦገቦጋል፤ ሬጉሌተሩም ይበላሻል። ሲሊንደር ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጠያቂዋ፣ ያለቀ መሆኑን በቀላሉ ማወቅ ትችያለሽ። ለብ ያለ ውሃ በሲሊንደሩ አንድ ጎን ከላይ ወደ ታች አፍስሺና ወዲያው በመዳፍሽ ዳሺው። ፈሳሽ ያለበት ቦታ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፤ ባዶው ይሞቃል። ከላይ እስከ ታች ከሞቀ አልቋል።

ስንት ቀን ይቆያል ለሚለው ግን የሰጠሽን አይበቃም። ሲሊንደሩ ስንት ኪሎ ነው? ስቶቩ ስንት ምድጃ አለው? ከጀርባው ወይም ከሥሩ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ኪሎዋት አለበለዚያም ግራም በሰዓት የሚል ቁጥር አለ፤ እሱን ጻፊልን። ደግሞ 4 ሰዓቱ በየትኛው ምድጃ ላይ ነው?

እማማ ጓዳ፦
ልጄ፣ ጋዝ በሰዓት አይቆጠርም። በሰው ነው የሚቆጠረው። አምስት ሰው ላለበት ቤት አንድ ሲሊንደር ወር ነው፣ አለቀ። ወር ካልደረሰ አጉድለውብሻል። እኔ ስንት ዓመት አብስያለሁ፣ ኪሎዋት የሚባል ነገር ጠይቄ አላውቅም።

ሒሳብ አዋቂ፦
እማማ፣ ይቅርታዎን፤ አምስት ሰው ሆኖ ቀኑን ሙሉ ጥራጥሬ የሚቀቅልም አለ፣ አምስት ሰው ሆኖ ምሳ ውጭ የሚበላም አለ። በኃይል ነው መቆጠር ያለበት። ትልቁ ምድጃ ብዙ ጊዜ 3 ኪሎዋት ነው። በ4 ሰዓት ሲባዛ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ጋዝ 13.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገኛል። ስለዚህ በቀን 0.88 ኪሎ ያህል ትጨርሳለች። ሲሊንደሩ 12.5 ኪሎ ከሆነ 14 ቀን ነው። 19 ቀን ከቆየላት እንዲያውም ብዙ ቆይቷል፤ ማንም አላጎደለባትም።

ሐምራዊ ሻሽ፦
ሽታ የለም፣ በሳሙናም ምንም አረፋ አልወጣም። ጎማው አዲስ ነው። በለብ ውሃው ደግሞ እስከ ሥሩ ሞቀ፣ አልቋል ማለት ነው። ሲሊንደሩ 12.5 ኪሎ ነው። ከስቶቩ ሥር ያለው ጽሑፍ ትልቁ 218፣ መካከለኛው 127፣ ትንሹ 73 ግራም በሰዓት ይላል።

አጠቃቀማችን፦ ትልቁ ላይ 1 ሰዓት በሙሉ እሳት፣ ከዚያ እዚያው ላይ 1 ሰዓት ዝቅ አድርጌ። መካከለኛው ላይ ግማሽ ሰዓት በሙሉ፣ 1 ሰዓት ደግሞ በግማሽ እሳት። ትንሹ ላይ ሻይ ግማሽ ሰዓት። ተደምሮ 4 ሰዓት ይሆናል።

መፍቻ በእጄ፦
እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አሁን ሂሳቡ ይሠራል። የስቶቩ ጽሑፍ ላይ ያለው ቁጥር ምድጃው እስከ መጨረሻው ሲከፈት በአንድ ሰዓት የሚበላው ጋዝ ነው። ሒሳብ አዋቂ ያወጣው 14 ቀን አራቱም ሰዓት ትልቁ ምድጃ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ለሚነድበት ቤት ነው። እንደዚያ የሚያበስል የለም፤ ፈልቶ ካበቃ በኋላ ሁሉም ዝቅ ያደርጋል።

ትልቁ በሙሉ እሳት 1 ሰዓት፣ 218 ግራም። ዝቅ ሲል ከሙሉው ሲሶ ያህል ነው የሚበላው፤ ለ1 ሰዓት 70 ብለን እንያዝ። መካከለኛው ግማሽ ሰዓት በሙሉ 64፣ 1 ሰዓት በግማሽ እሳት ሌላ 64፣ በድምሩ 128። ትንሹ ግማሽ ሰዓት 36።

218 + 70 + 128 + 36 = 452 ግራም በቀን።

12,500ን ለ452 ስታካፍይው 27 ቀን ተኩል ይመጣል። በፊት ወር ሊሞላው ሲል ያልቅ የነበረው ለዚህ ነው። እማማም በግምት ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፣ የእርስዎ ቤት እሳት እንደዚህ ቢሆን ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንምጣ። በ19 ቀን ካለቀ በቀን 658 ግራም ሄዷል ማለት ነው። ከ452ቱ በላይ በየቀኑ 200 ግራም ገደማ የት ገባ? በፍሳሽ ከሆነ 200 ግራም በቀን ቤቱን የሚያሸት ነው፣ አንቺም በሳሙና አይተሻል። ስለዚህ ወይ ሲሞላ ጎድሎ ነው የመጣው፣ ወይ ትልቁ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ያልቆጠርሽው ሥራ እየሠራ ነው።

ፈገግ በሉ፦
እኛ ቤት ሲሊንደሩ እንግዳ ሲመጣ ያውቃል። ዘመድ ሻንጣውን ሳያወርድ ጋዙ ያልቃል 😄

ፈጣን መላ፦
ጋደም ካልፈቀዳችሁ ሙቅ ውሃ ሳፋ ውስጥ አቁሙት፣ ያው ነው።

መፍቻ በእጄ፦
ያው አይደለም፣ ግን ይህንንም ተው። ባዶ ሲሊንደር በምንም አይመለስም። ያልጨረሰ ሲሊንደር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ስቶቩን አጥፍቶ ትንሽ ማሳረፍ ይበቃል። የፈላ ውሃና እሳት አጠገቡ አይቅረብ።

ሐምራዊ ሻሽ፦
«ፈገግ በሉ» ያልከው አስታወሰኝ። እህቴ ሕፃን ይዛ መጥታለች። ጠዋትና ማታ ለመታጠቢያ ውሃ በትልቁ ጀበና አይደለም፣ በትልቁ ድስት እናሞቃለን፤ 20 ሊትር ይይዛል። እሱ ማብሰል ስላልሆነ 4 ሰዓቱ ውስጥ የለም። ግን ውሃ ብቻ ይህን ያህል ይበላል?

መፍቻ በእጄ፦
ይበላል እንጂ! ውሃ ማሞቅ ብዙ ጋዝ ይጨርሳል። 20 ሊትር ከ15 ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ ትልቁ ምድጃ ግማሽ ሰዓት ገደማ መንደድ አለበት፤ ምክንያቱም ከእሳቱ ሙቀት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ድስቱ ውስጥ የሚገባው፣ ቀሪው በጎን ወደ አየር ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት በ218 ስናሰላው 109 ግራም ነው። ጠዋትና ማታ 218። የጠፋብን 200 ይኸው ተገኘ።

ድስቱን ክደኚው፤ እሳቱም ከድስቱ ሥር አልፎ በጎን የሚልስ ከሆነ ቀንሺው። የሚያስፈልግሽን ያህል ብቻ አሙቂ፤ ለሕፃን ገላ 20 ሊትር አይፈጅም።

ይህ ማለት ግን አላጎደሉብሽም ማለት አይደለም። ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ማረጋገጫው ግን ሚዛን ነው። አዲሱን ሲሊንደር ሳትገጥሚው መዝኚው። አንገቱ ወይም እጀታው ላይ የባዶው ክብደት ተቀርጿል። ለምሳሌ 13.4 ካለ ሙሉው 25.9 መምዘን አለበት። ከዚያ በብዙ ካነሰ እዚያው፣ ከሻጩ ፊት ተናገሪ። ቤት ገብቶ ከተገጠመ በኋላ ማንም አይሰማሽም።

እማማ ጓዳ፦
የውሃውን ነገር ግን እኔም እቀበላለሁ። ልጆቼ ትንሽ ሳሉ ጋዝ አይበቃንም ነበር።

ሒሳብ አዋቂ፦
መፍቻ፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዝቅ ያለ እሳት ሲሶ ነው ያልከው ለሁሉም ስቶቭ ይሠራል? የእኔ እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲል እንኳ ግማሽ ይመስላል።

መፍቻ በእጄ፦
አይሠራም፣ ስቶቭ ከስቶቭ ይለያያል። የቆየ ወይም ቁልፉ የላላ ስቶቭ ዝቅ ማለት ያቅተዋል። የእኔ ሂሳብ ላይ ያ 1 ሰዓት ግማሽ ቢሆን 70 የነበረው 109 ይሆናል፤ 27 ቀኑ ወደ 25 ይወርዳል። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ዝቅ ያለው ሳይሆን ሙሉ እሳት የሚነድበት ሰዓት ነው።

ጥቁር ድስት፦
ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ፣ ግን የእኔ እሳት ቢጫ ነው፤ ድስቴን ሁሉ ያጠቁረዋል። ሲሊንደሬ 6 ኪሎ ነው፣ 10 ቀን አይሞላም። ሁለት ሰው ነን። እሱም ውሃ ነው?

መፍቻ በእጄ፦
ቢጫና ጥላሸት ማለት ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ ነው የሚነደው። የምድጃውን ክዳን አንሺና ቀዳዳዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጥረጊ፤ አየር የሚያስገባውንም ቀዳዳ እዪው፣ ቅባት ይደፍነዋል። እየነደደ ሳለ መስኮት ክፈቺ፤ እንዲህ ያለ እሳት መርዘኛ ጭስ ይወልዳል። ከጽዳቱ በኋላም ሰማያዊ ካልሆነ ባለሙያ ይየው።

ስለ 10 ቀኑ፦ 6,000 ለ10 በቀን 600 ግራም ነው፤ ለሁለት ሰው ብዙ ነው። የስቶቭሽን ቁጥርና ሰዓቱን ካላወቅኩ ግን ምክንያቱን መናገር አልችልም። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሲሊንደሩን መዝኝና ቁጥሩን ጻፊልኝ።

ቅድሚያ ለደህንነት፦
ሐምራዊ ሻሽ፣ አዲሱን መዘንሽው ወይ?