«የሞቀ ብቻ ነው» የተባለ ሰንፔር፣ ስንጥቁ ውስጥ ግን አረፋ አለ

ድንጋይ የምታውቁ፣ እስቲ እርዱኝ። አንድ ዘመዴ ሽጥልኝ ብሎ 3 ካራት ሰማያዊ ሰንፔር ሰጥቶኛል። ደረሰኙ «በሙቀት የታከመ» ይላል፣ በቃ።

ሙቀት ብቻ ቢሆን አልጨነቅም ነበር። በከፍተኛ ሙቀት ውስጡ ያሉት የሩታይል መርፌዎች ይሟሟሉ፣ ሰማያዊው ይደምቃል፣ ለውጡም ዘላቂ ነው። ገበያውም ለምዶታል።

ነገር ግን አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሉፕ ሳየው ስንጥቆቹ ውስጥ ጠፍጣፋ አረፋዎች አሉ። ቀስ አድርጌ ሳዞረው ከስንጥቁ ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ስነክረው ደግሞ ቀለሙ በስንጥቆቹ መስመር ተከማችቶ ይታያል። በኮባልት የቀለመ የእርሳስ ብርጭቆ የተሞላ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ከካራቱ የተወሰነው ብርጭቆ ነው ማለት ነው። የአንጥረኛ እሳት፣ የሎሚ ጭማቂ እንኳ ሳይቀር ሙሌቱን ያበላሸዋል። ገዢው ቀለበቱን ሊያስጠግን የወሰደ ቀን ጉዱ ይወጣል! ታዲያ በሞቀ ሰንፔር ዋጋ እንዴት ልሽጠው?

ላቦራቶሪ ከመላኬ በፊት ሁለት ነገር ንገሩኝ። እነዚህ ምልክቶች ብርጭቆ ነው ለማለት ይበቃሉ ወይስ ዘይትም ሊሆን ይችላል? «በብርጭቆ የተሞላ» ብዬ ከጻፍኩስ፣ ዋጋውን በካራት ላስላ ወይስ በፍሬ ልቁረጥ?