የ9 ቀን ልጄ ስትጠባ ጡቴ ቆሰለ፣ አማቴ ደግሞ ውሃ ስጫት ይላሉ

አራስ ከአዳማ
ሰላም እናቶች። የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ ዛሬ 9 ቀኗ፣ በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። የቀኝ ጡቴ ጫፍ ተሰንጥቆ ይደማል፣ አንሶላ ጨምድጄ ነው የማጠባት። 50 ደቂቃ ጠብታ ስለቃት መልሳ ታለቅሳለች፣ ሽንቷም በቀን 4 ዳይፐር ብቻ ነው። ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች ትናንት 2.9 ሆነች። አማቴ ወተትሽ አልበቃትም፣ በዛ ላይ የአዳማ ሙቀት ነው፣ ውሃ በስኳር ስጫት ይላሉ። ምን ላርግ?

የመንታዎቹ እናት
አይዞሽ ማሬ እኔም አልፌበታለሁ። ውሃውን እንዳትሰጪ ብቻ። የቆሰለውን ግን ለ3 ቀን አሳርፊው በግራ ብቻ አጥቢ፣ ለጋ ቅቤ ቀባ አርጊበት፣ ደግሞ ከ10 ደቂቃ በላይ አታስጠቢ፣ ሲበዛ እኮ ነው የሚቆስለው።

አዋላጅ ነርስ ነኝ
የመንታዎቹ እናት ውሃው ላይ ልክ ብለሻል፣ ቀሪው ላይ ግን አልስማማም። ጡት የሚቆስለው ልጅ ብዙ ስለጠባ ሳይሆን አጎራረሷ ልክ ስላልሆነ ነው፣ በደንብ ካልጎረሰች በ5 ደቂቃም ትሰነጥቅሻለች። 3 ቀን ሙሉ ካላጠባሽውና ካላለብሽው ደግሞ ወተቱ ተጠራቅሞ ይጠጥራል፣ ከዛ ይቀንሳል። በሰዓት መገደቡንም ተይው፣ ራሷ ስትለቅ ሌላውን ስጫት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ።

አራስ እህቴ፣ ከ3.1 ወደ 2.9 መውረዱ ብቻውን አያስደነግጥም፣ ልጆች መጀመሪያ ላይ ቀንሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለዱበት ይመለሳሉ። እኔን ያሳሰበኝ ሽንቷ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ቢያንስ 6 የራሰ ዳይፐር መኖር አለበት። ነገ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኚ፣ ስትጠባም እያዩ እንዲያርሙሽ ጠይቂያቸው። ለመጥባት ካልነቃች፣ ከዛለች ወይም ካተኮሳት ግን ነገን አትጠብቂ።

አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ስትለቅ የጡትሽ ጫፍ ምን ይመስላል?

አራስ ከአዳማ
ሲወጣ ጠፍጠፍ ብሎ ባንድ በኩል ዘመም ይላል፣ አዲስ ሊፕስቲክ ነው የሚመስለው። ስትጠባም ጧ ጧ የሚል ድምጽ አለ። እንደዛ ነው እንዴ ሚጠባው እኔ ምን አውቄ 😔

የቤቢ አባት
የኛም ልጅ በቀን 4 ጊዜ ያስወጣዋል ቢጫ ሆኖ ቀጠን ያለ፣ ተቅማጥ ነው ብለን ጨንቆናል፣ 3 ሳምንቱ ነው። መድሃኒት አለው?

አዋላጅ ነርስ ነኝ
ወንድሜ እሷ ያለችው ስለ ሽንት ነው። የናት ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካው ቢጫና ቀጠን ያለ ነው፣ 4 ጊዜም ጤና ነው፣ መድሃኒት እንዳትሰጡት። ደም ካየህ ወይም እንደ ውሃ ሆኖ በድንገት ከበዛ ግን አሳየው።

አራስ፣ ሊፕስቲኩም ጧ ጧውም አንድ ነገር ነው የሚነግሩን፣ ጫፉን ብቻ ነው የጎረሰችው። ጫፉ ላንቃዋ ላይ ይጨፈለቃል፣ ወተቱም በደንብ አይመጣላትም፣ ለዛ ነው 50 ደቂቃ ጠብታም የምታለቅሰው።

ስፌትሽ ላይ እንዳታርፍ በብብትሽ ስር ያዣት። ጀርባሽን ተደገፊ፣ ጎንሽ ላይ ትራስ አርጊና ልጅቷን ትራሱ ላይ አስተኚያት፣ እግሯ ወደ ኋላሽ ይሁን፣ ሆዷ ጎንሽን ይንካ። ትራሱ እስከ ጡትሽ ካላደረሳት ጨምሪበት፣ አንቺ ወደ እሷ አትጎንበሺ፣ ጀርባሽም ያልቃል እሷም ጡቱን ይዛ ወደ ታች ትጎትተዋለች። በእጅሽ የምትይዥው አንገቷንና ትከሻዋን ነው። ጭንቅላቷን ከኋላ ከገፋሽው ትታገልሻለች፣ ብዙ እናት ልጄ ጡቴን ጠላችው የምትለው በዚህ ነው።

ከዛ አፍንጫዋን ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ አርጊው፣ አፏን አይደለም። በጫፉ የላይ ከንፈሯን ነካ ነካ አርጊና እንደሚያዛጋ ሰው አፏን እስክትከፍት ጠብቂ፣ ትንሽ ስትከፍት አትቸኩይ። በደንብ ስትከፍት አገጯ ቀድሞ ጡትሽን እንዲነካ አርገሽ ቶሎ ወደ ጡቱ አምጫት። በትክክል ከጎረሰች ከጥቁሩ ክብ ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል፣ የታች ከንፈሯ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጉንጯ ሞላ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶም ስትውጥ ትሰሚያለሽ። መጀመሪያ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሊጠዘጥዝሽ ይችላል፣ ህመሙ ከቀጠለ ግን ችለሽው እንዳትቀጥይ። ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂያትና እንደገና ጀምሪ፣ 5 ጊዜም ቢሆን። ዝም ብለሽ ከጎተትሽው ግን ይብስበታል።

ጡትሽ ከጠጠረ መጀመሪያ በእጅሽ ትንሽ አልቢው፣ የተነፋ ኳስ እንዴት ትጉረስ። ቁስሉን ካጠባሽ በኋላ የራስሽን ወተት ጠብ አርጊበትና ይድረቅ፣ በሳሙና አትጠቢው። ቀኙ ጨርሶ አላስቻለሽ ካለ ለአንድ ቀን ያህል በንጹህ ስኒ እያለብሽ በትንሽ በትንሹ በስኒው አጠጫት፣ ወዲያው ወደ ጡጦ አትሂጂ።

ለአማትሽ ደግሞ በትህትና እንዲህ በያቸው፣ ወተቱ አብዛኛው ውሃ ነው፣ በሙቀትም ቢሆን ይበቃታል። ስኳር ውሃ የገባበት ሆድ ጡት አይፈልግም፣ ካልጠባች ደግሞ ወተት አይመረትም። ሙቀቱ ከከበደ ደጋግመሽ አጥቢያት፣ ልብሷን አቅልይላት፣ ውሃውን አንቺ ጠጪው።

ሳሚ እማ
እኔ ግን የምላሷን ስር አሳይ ነው የምልሽ። የኔ ልጅ ምላሱ ከስር ተይዞ ነበር፣ አያያዝ አስተካክይ እያሉኝ አንድ ወር ነው የተሰቃየሁት፣ ዶክተሩ ቆርጦለት በሳምንቱ ዳነልኝ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ
ሊሆን ይችላል፣ እኔም አልክድም። ስታለቅስ ምላሷ ከታች ድዷን ካላለፈ ወይም ጫፉ የልብ ቅርጽ ከሰራ ይታይ። ግን መጀመሪያ አያያዟ ይስተካከል፣ እሱ እያለ የምላሷን ስር ወደ መቁረጥ አይኬድም።

አራስ ከአዳማ
ተመለስኩ፣ ዛሬ 12 ቀኗ ነው። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ፊቷ እያጠባሁ አርማኛለች፣ አሁን በብብት ስር ነው የማጠባት። መጀመሪያ ቀን እኔም እሷም አልቅሰናል፣ 7 ጊዜ አስለቅቄያታለሁ በአንድ ማጥባት ብቻ። ሁለተኛው ቀን ማታ ላይ ግራው በቃ ህመም የለውም፣ ሲወጣም ክብ ነው፣ 20 ደቂቃ ጠብታ ራሷ ትለቃለች። ዳይፐሩ ትናንት 7 ሆነ። ዛሬ በዛው ሚዛን ራቁቷን 3 ኪሎ ሆነች። ቀኙ ግን አሁንም ዘመም ይላል፣ ቁስሉም ሙሉ በሙሉ አልደረቀም። እሷ ናት ወይስ እኔ ነኝ አላውቅም። አማቴ ውሃውን ትተዋል፣ ግን ማታ ስታለቅስ ስኒው ጋ ያያሉ 😂

አዋላጅ ነርስ ነኝ
100 ግራም በ4 ቀን ጥሩ ነው። የቀኙ ብዙ ጊዜ የእጅ ጉዳይ ነው፣ በቀኝ ብብትሽ ስር ስትይዣት በቀኝ እጅሽ ነው የምትደግፊያት፣ ግራው ጡቱን ይያዝ። በሚቀጥሉት 2 ቀናት ካልተለወጠ ምላሷን ይዩልሽ፣ ሳሚ እማ ልክ ልትሆን ትችላለች። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፣ ጡትሽ አንድ ቦታ ላይ ቀልቶ ቢያተኩስና እንደ ጉንፋን ብርድ ብርድ ቢልሽ ማጥባቱን ሳታቆሚ በዛው ቀን ታከሚ።

የመንታዎቹ እናት
እሺ ተሸንፌያለሁ፣ ቅቤውን ግን የቀባ ሰው ያውቀዋል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ
እሺ 😄 ግን የተሰነጠቀ ቁስል ላይ ያልፈላ ለጋ ቅቤ አይደረግም፣ ከልጇ አፍ ነው የሚገባው።