ፎቶ እንጨምር ወይስ ሞዴል እንቀይር? የስንዴ ዋግ ፕሮጀክታችን የዕቅድ ውይይት

ሰላም (አስተባባሪ)

ሰላም ለሁላችሁም። የገንዘብ ጥያቄውን የምናስገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስካሁን አርሲ ውስጥ ከ50 ማሳዎች 4000 የስንዴ ቅጠልና ግንድ ፎቶ አለን፤ ከየማሳው 80። ሞዴሉ እያንዳንዱን ፎቶ ጤናማ፣ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ ወይም የግንድ ዋግ ብሎ ይለያል። የምንጠይቀው ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ የሚያሠራ ነው። ወይ መኪና ተከራይተን ተጨማሪ ፎቶ እናነሳለን፣ ወይ ጠንካራ ኮምፒውተር ገዝተን ትልቅ ሞዴል እናሠለጥናለን። ፎቶው ሲበዛ ስህተቱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየውን ለርኒንግ ከርቭ አይታችሁ የትኛው እንደሚሻል ጻፉ። እኔ ያሠራሁት እንዲህ ይላል፦ ከ1600 ፎቶ በኋላ የመፈተሻው ስህተት 5% ላይ ቆሟል። የማሠልጠኛው 1% ነው።

ብሩክ

እንግዲያው ግልጽ ነው። ሁለቱ መስመሮች ተቀራርበዋል፣ የመፈተሻውም ጠፍጣፋ ሆኗል። ከዚህ በኋላ ፎቶ መጨመር ነዳጅ ማቃጠል ነው። ረቂቁ ላይ «ዳታው በቂ ነው፣ ኮምፒውተር እንፈልጋለን» ብለን እንጻፍ።

ሔለን

እኔም ግራፍ አለኝ። በእኔ ላይ የመፈተሻው ስህተት እስከ 12ኛው ኢፖክ ይወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። ይኼ ዳታ አንሶናል ማለት አይደል?

ዮናስ

ሔለን፣ ያንቺ ሌላ ግራፍ ነው። በአግድሙ ላይ ያለው ሞዴሉ ያንኑ ፎቶ ስንት ዙር እንዳየ ነው። እሱ መቼ ማቆም እንዳለብሽ ይነግርሻል፤ እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ፎቶው ቢበዛ ምን ይመጣል የሚለውን ነው። ለዚያ አግድሙ ላይ የዳታው መጠን መሆን አለበት። በየመጠኑም ሞዴሉ ከዜሮ ተነሥቶ ይሠለጥናል።

ብሩክ፣ ከርቩን ያነበብክበት መንገድ ትክክል ነው። ከርቩ ራሱ ግን የተሳሳተ ነው። ሰላም፣ ፎቶዎቹን ለማሠልጠኛና ለመፈተሻ ስትከፍያቸው ዝም ብለሽ በዕጣ ነው አይደል?

ሰላም

አዎ፣ በዕጣ ነው። 80% ለማሠልጠኛ፣ 20% ለመፈተሻ።

ዮናስ

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። 17ኛውን ማሳ ክፈቱና እዩ። እዚያ ባነሳናቸው አብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ የአንሺው አውራ ጣት በቀኝ ጥግ በኩል ገብቷል። ማሳው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ዋግ ነው። በዕጣ ስንከፍለው 64 ያህሉ ማሠልጠኛ ውስጥ ገቡ፣ 16 ያህሉ መፈተሻ ውስጥ። ሞዴሉ ቅጠሉን ማየት አያስፈልገውም፤ ጣቱን አይቶ «ቢጫ ዋግ» ይላል፣ ያገኛልም። ጣት የሌለበት ማሳም ቢሆን ያው ነው። አንድ ማሳ ማለት የአንድ ቀን ብርሃን፣ አንድ ስልክ፣ አንድ አፈር፣ አንድ ዝርያ ነው። ሞዴሉ ማሳዎቹን ሸምድዷል፣ እኛ ደግሞ በዚያው በሸመደደው ፈተንነው።

ትናንት ማታ አከፋፈሉን በማሳ አድርጌ እንደገና አሠራሁት። 10 ማሳዎች ሙሉ በሙሉ ተለይተው ለፈተና ይቀመጣሉ፣ ከቀሩት 40 ይማራል፤ ይህ አምስት ጊዜ ይዞራል። የፈተናው ስህተት 5% መሆኑ ቀርቶ 20% ሆነ። የማሠልጠኛው ያው 1% ነው።

ብሩክ

ኧረ! እንግዲያው ክፍተቱ ሰፊ ነው። ሰፊ ክፍተት ማለት ዳታ አንሷል ማለት ነው። 8000 ፎቶ እንጠይቅ። እነዚያኑ ማሳዎች ተመልሰን ብናነሳ ባለቤቶቹም ያውቁናል፣ በሳምንት ውስጥ ይጠናቀቃል።

ዮናስ

ግማሹ ልክ ነው። ዳታ አንሷል፣ ግን የምን ዳታ? እሱን ለማወቅ ሁለት ዓይነት ከርቭ አወጣሁ። በአንዱ የማሳውን ቁጥር ቀየርኩ፣ በሌላው ከየማሳው የሚወሰደውን ፎቶ።

በ10 ማሳ ስህተቱ 31% ነው፣ በ20 ማሳ 25%፣ በ40 ማሳ 20%። አሁንም እየወረደ ነው። 40ውን ማሳ እንዳለ ይዤ ከየማሳው 80 የነበረውን ወደ 20 ፎቶ ስቀንስ ግን ስህተቱ 21% ብቻ ሆነ። አስቡት፦ 800 ፎቶ ከ10 ማሳ ብታመጡ 31%፣ ያንኑ 800 ፎቶ ከ40 ማሳ ብታመጡ 21%። የፎቶው ቁጥር አንድ ነው። ስለዚህ ወደ ድሮዎቹ ማሳዎች መመለስ ብዙም አይጨምርልንም። መቁጠር ያለብን ማሳ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የ`scikit-learn` ዝግጁ `learning_curve` ይህን አይሠራላችሁም። `groups` ብትሰጡት ፈተናውን በማሳ ይለየዋል፣ ማሠልጠኛውን ሲያሳንስ ግን ከፎቶው ዝርዝር መጀመሪያ እየቆረጠ ነው የሚወስደው። `shuffle=True` ካላላችሁት ደግሞ ፎቶዎቹ በበሽታ ተራ ተደርድረው ከነበረ ትንሹ ናሙና አንድ በሽታ ብቻ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ዙሩን በእጅ ጻፍኩት፦

```python
gkf = GroupKFold(n_splits=5)
for tr, va in gkf.split(X, y, groups=masa):
    for k in (10, 20, 40):
        keep = rng.choice(np.unique(masa[tr]), k, replace=False)
        idx = tr[np.isin(masa[tr], keep)]
        results.append((k, fit_and_score(idx, va)))
```

በ10 እና በ20 ማሳ ላይ ዕጣውን ደጋግማችሁ አውጡ። የትኞቹ 10 ማሳዎች እንደደረሷችሁ ውጤቱን በጣም ያወዛውዘዋል። እኔ ጋ ከ27% እስከ 36% ተለያይቷል። አንድ ዕጣ ብቻ ይዞ ከርቭ መሳል ያሳስታል።

ሔለን

ኮምፒውተሩስ? ትልቅ ሞዴል ቢሆን ከዚሁ 40 ማሳ የበለጠ አያወጣም?

ዮናስ

ሞክሬዋለሁ። አሁን የያዝነው `ResNet-18` ነው፣ ሁሉንም ንብርብር እያሠለጠንን። ትልቁን `ResNet-50` ስሞክር ማሠልጠኛው ያው 1%፣ ፈተናው ያው 20% ሆነ። የሚጠበቅ ነው። ሞዴሉ ማሠልጠኛውን አስቀድሞ ጠጥቶ ጨርሶታል፤ አቅም የሚጨመረው ማሠልጠኛው ላይ ራሱ ሲያቅተው ነበር።

ይልቅ ወደ ታች ስሄድ ያየሁት ይበልጥ ያስደንቃል። ሌላውን ሁሉ አስሬ የመጨረሻውን ንብርብር ብቻ አሠለጠንኩ። በ10 ማሳ ይኼ ቀላል ሞዴል 28% አመጣ፣ ከባዱ 31%። ቀላሉ አሸነፈ! በ20 ማሳ እኩል 25% ሆኑ። በ40 ማሳ ቀላሉ 23% ላይ ዘገየ፣ ከባዱ 20% ደረሰ። የቀላሉ የማሠልጠኛ ስህተት 14% ነው፤ ሁለቱ መስመሮቹ እየተጠጉ ናቸው፣ ማሳ ቢጨመርለትም ብዙ አይራመድም። ከባዱ ግን ገና ቦታ አለው። ባለፈው ዓመት 10 ማሳ ብቻ ሳለን ብንወስን ኖሮ ቀላሉን መርጠን እንቀር ነበር።

ብሩክ

ገባኝ። በእጥፍ በጨመርን ቁጥር አምስት ስድስት ነጥብ ይወርዳል ማለት ነው። 80 ማሳ 15%፣ 160 ማሳ 10%፣ 320 ማሳ 5%። ይህን እንጻፍላቸው፣ ገንዘብ ሰጪው ቁጥር ይወዳል።

ዮናስ

እንደዚያ በቀጥታ መስመር አይወርድም። ከ31 ወደ 25 ስድስት ነጥብ፣ ከ25 ወደ 20 አምስት። እየቀነሰ ነው። በየእጥፉ ወደ 0.8 ያህል እየተባዛ ነው ብንል 80 ማሳ ላይ 16% ይሆናል። ከታች የማይወርድ ወለል አለ ብለን ለምሳሌ 8% ብናደርገው ደግሞ 80 ማሳ ላይ 17% ግድም ይመጣል። አያችሁ፣ ለአንድ እጥፍ ወለሉ ኖረ አልኖረ ልዩነቱ ትንሽ ነው። 320 ማሳ ላይ ግን አንዱ 10% ይላል፣ ሌላው 12 እና 13 መካከል፤ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ይለያያሉ። ሦስት ነጥብ ይዘን ከአንድ እጥፍ በላይ ቃል መግባት የለብንም።

ጋሽ ታደሰ

ልጆች፣ እኔ ኮምፒውተሩን አላውቅም፣ ስንዴውን ግን አውቃለሁ። ይኼ ወለል ያላችሁት ነገር ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ቢጫ ዋግ ባደገ ቅጠል ላይ ከሆነ በጅማቱ ተከትሎ በመስመር በመስመር ስለሚወጣ አይሸወዱበትም። በለጋ ቡቃያ ላይ ግን መስመር አይሠራም፣ ተበታትኖ ነው የሚታየው። የቅጠል ዋግም ተበታትኖ ነው የሚወጣው። በፎቶ ብቻ ቡቃያውን ስታሳዩኝ እኔም የምጠራጠርበት ጊዜ አለ። ለፎቶዎቹ የበሽታ ስም ስንሰጥ እኔና ሌላው ባለሙያ ተከፋፍለን ነው የሠራነው፣ ሁለታችንም ያየነው አንድም ፎቶ የለም።

ዮናስ

ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ያሉት ትልቁ ነገር ነው። ስሙ ራሱ ከተሳሳተ ሺህ ማሳ ብንጨምርም ከርቩ እዚያ ላይ ይቆማል፣ እኛም ሞዴሉን እንወቅሳለን። ከመኪናው በፊት 150 ፎቶ በዕጣ አውጥተን ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ ስም ብትሰጡስ? በስንቱ እንደተለያያችሁ ስናይ ወለሉ የት አካባቢ እንደሆነ እንገምታለን።

ጋሽ ታደሰ

ደስ ይለኛል። ቡቃያውን ለብቻ፣ ያደገውን ለብቻ አድርጋችሁ አምጡልኝ፤ ከተቀላቀለ ችግሩ የት እንዳለ አይታይም።

ሰላም

እስካሁን የተባለውን ይዤ ረቂቁን ቀየርኩት። እዩልኝ፦

«ተጨማሪ 40 አዳዲስ ማሳዎችን እንጎበኛለን፤ ከእያንዳንዱ 20 ፎቶ እናነሳለን። በድምሩ 90 ማሳ ይኖረናል። 10ሩ ለፈተና ተለይተው ሲቀመጡ ለማሠልጠኛ 80 ይተርፋል። አሁን 20% የሆነው ስህተት ወደ 16 ወይም 17% እንደሚወርድ እንገምታለን። ከጉዞው በፊት 150 ፎቶ በሁለት ባለሙያ ተለይቶ ይመዘናል። ኮምፒውተር አንጠይቅም።»

ጉዞው ዋጉ በሚታይበት በመስከረምና በጥቅምት ይሆናል። 8000 የነበረው ፎቶ 800 ሆነ፣ ወጪው ግን ያን ያህል አልቀነሰም። የሚያስወጣን መንገዱ ነው።

ከድር

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። አንድ ነገር አልተመቸኝም። 50ዎቹም ማሳዎች አርሲ ናቸው። ረቂቁ መግቢያ ላይ ግን «ለአርሲና ለባሌ ገበሬዎች» ይላል። እኛ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የምንዘራው፤ ወቅቱም ብርሃኑም ይለያል። በ2006 ዓ.ም. አባቴ ማሳ ላይ ዲገሉ የሚባለውን ስንዴ የግንድ ዋግ ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ በፊት ዲገሉ ጥሩ ነው የሚባል ዝርያ ነበር። ባሌ ላይ የሚሳሳት ሞዴል ይዛችሁ «16%» ብላችሁ ብትመጡ ማን ያምናችኋል?

ዮናስ

ልክ ነህ። ከርቩ የሚናገረው ማሳዎቹ ከመጡበት አካባቢ ስላለ ሌላ ማሳ ብቻ ነው። ስለ ባሌ ምንም አይልም። ከ40ዎቹ 10ሩን ባሌ እናድርግና ለፈተና ብቻ እንያዛቸው፣ ለማሠልጠኛ አንንካቸው። ቢያንስ ምን ያህል እንደምንሳሳት እናውቃለን።

ብሩክ

እንዲያ ከሆነ ለማሠልጠኛ 70 ብቻ ይቀረናል፣ የገመትነውም ቁጥር ይለወጣል። ደግሞ ሁለተኛ ጉዞ፣ ሁለተኛ መኪና። እኔ መግቢያው ላይ «ባሌ» የሚለውን ብንሰርዘው ይሻላል እላለሁ፤ የማንችለውን ቃል ከምንገባ።

ከድር

ከምትሰርዘው ይልቅ ሂሳቡን ሥራው። ሲናና አካባቢ ዘመዶች አሉኝ፣ ማደሪያ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገኝ የነዳጅ ብቻ ነው።

ሰላም

ከድር፣ የመንገዱን ኪሎ ሜትርና ማሳዎቹ የሚገኙባቸውን ቀበሌዎች እስከ ዓርብ ላክልኝ። ብሩክ፣ በ70 ማሳ ግምቱ ስንት እንደሚሆን ከዮናስ ጋር አውጡት። ሁለቱንም ረቂቅ ይዤ እመጣለሁ፤ ባሌ ያለበትንም፣ የሌለበትንም።