በ84 መጠይቅና በሁለት ዓመት የሽያጭ መዝገብ ደንበኞችን እንዴት ልከፋፍል?

በአዲስ አበባ የታሸገ ሽሮና በርበሬ ለቤተሰብ በሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በእጃችን ያለው 84 ደንበኞች የሞሉት መጠይቅና የ1,900 ገዢዎች የሁለት ዓመት የሽያጭ መዝገብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከመጠይቁ መልሶች በኮምፒውተር አራት ምድቦች አወጣሁ፤ ነገር ግን አሥር ሰዎችን በዕጣ አስወጥቼ ስደግመው ከቀሪዎቹ ሲሶ ያህሉ ምድባቸውን ስለቀየሩ ውጤቱን ማመን አልቻልኩም። ወደ መዝገቡ ተመልሼ ገዢዎችን በግዢያቸው ድግግሞሽ፣ ባወጡት ገንዘብና በገዙበት ወር ስለያቸው ግን ሦስት ግልጽ ቡድኖች ታዩኝ፦ በየወሩ ጥቂት የሚገዙ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በብዛት የሚገዙ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ዋዜማ ብቻ ሽሮ የሚገዙ። የሦስት ወር መዝገብ ብቻ ባይ ኖሮ እነዚህ የጾም ገዢዎች የጠፉ ደንበኞች ይመስሉኝ ነበር።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ለምን እንደገዙ አይነግረኝም፤ መጠይቁን በስልክ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ሳገናኘው ደግሞ የተገኙት 61 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የጾም ገዢዎቹ 7 ብቻ ናቸው። ከ7ቱ 5ቱ ሽሮ በቤታቸው ለማዘጋጀት ጊዜ እንደሌላቸው መግለጻቸውን የቡድኑ ሁሉ ምክንያት አድርጌ ልውሰደው? ወይስ ከዚሁ ቡድን 30 ያህል ሰዎችን ከመዝገቡ በዕጣ መርጬ ለምን እንደሚገዙ ብቻ በስልክ ብጠይቃቸው ይሻላል? ተመሳሳይ ሥራ የሠራችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።